ስለ ዎክ ፎርዋርድ ፈተናና ስለ ፓራሜትር ጎረቤቶች፤ በሮበርት ፓርዶ ዘዴ ላይ የቀረበ ሂስ

ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛችን በዳው ጆንስ የኢንዱስትሪ አማካይ ላይ የሠራውን አመልካች አምጥቶ ለጥቂቶቻችን አሳየን። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ተንቀሳቃሽ አማካዮች አሉ፤ አጭሩ ከረጅሙ በላይ ሲሆን ይገዛል፥ በታች ሲሆን ሸጦ ይወጣል፤ ገበያው ከልክ በላይ ሲናወጥ ደግሞ ከጨዋታው ውጭ ይቆያል። የአጭሩንና የረጅሙን የቀን ቁጥር በኮምፒዩተር እያለዋወጠ መቶ ጥንድ ሞክሮ፥ ከሁሉ የበለጠ ያተረፈውን ጥንድ መርጦአል። የትርፉ መስመር ያለ ብዙ መውደቅና መነሣት ሽቅብ ይወጣል። እርሱ ግን ደስ አላለውም፤ «ይህን ያህል ማማሩ ራሱ አስፈራኝ» አለን።

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። መቶ ጊዜ ለክቶ ከመቶው በጣም የሚስማማውን የሚመርጥ ሰፊ፥ ልብሱ ለተለካው ሰው ቢያምርለት የሚያስደንቅ ነገር የለም፤ ጥያቄው ነገ ለሚመጣው ሌላ ሰው ይሆናል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ሞያ ከርቭ ፊቲንግ የሚባለው ይኸው ለአንድ ዘመን ዋጋ ብቻ ልክ አድርጎ መስፋት ነው። ጓደኛችን ጥርጣሬውን ለማጥራት ዎክ ፎርዋርድ የተባለውን ፈተና አካሄደ፤ ፈተናውንም አለፈ። «እንግዲህ ገንዘቤን ላግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ሲጠይቀን ቶሎ የመለሰለት ሰው አልነበረም። ይህን ሂስ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

ዘዴው በሰፊው የታወቀው በአሜሪካዊው በሮበርት ፓርዶ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሞ፥ ተሻሽሎና ስሙ ተለውጦ በ2008 እንደገና ወጥቶአል። ዐሳቡን በአጭሩ ለማስረዳት የጓደኛችንን ሥራ እንውሰድ። መረጃው ከ2016 እስከ 2021 ያለው የስድስት ዓመት የመዝጊያ ዋጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መቶውን ጥንድ ሞክሮ አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠውን ጥንድ ቁጥሩን ሳይነካ በሚቀጥለው ስድስት ወር ይፈትነዋል። ከዚያ መስኮቱን ስድስት ወር ወደ ፊት ገፍቶ እንደገና ይመርጣል፥ እንደገና ይፈትናል። እንዲህ እያለ ስምንት ጊዜ ሲራመድ፥ የስምንቱ ስድስት ወሮች ውጤት ሲቀጣጠል ምርጫው ያላያቸው አራት ዓመታት ይሆናሉ፤ ይኸውም ከ2018 እስከ 2021 ያለው ነው።

ለፓርዶ የሚገባውን ምስጋና አስቀድሜ ልስጥ። ይህ ፈተና የሚፈትነው አንድን ጥንድ ቁጥር ሳይሆን የመምረጡን ልማድ ነው። ሠሪው በእውነተኛው ገበያ የሚያደርገውም ያንኑ ነው፤ ያለፈውን አይቶ መርጦ ያላየውን ይጠብቃል። ከመረጃው ላይ አንድ ቁራጭ ለመጨረሻ አስቀርቶ አንድ ጊዜ ብቻ ከመፈተን ይልቅ ስምንት ጊዜ መፈተኑም ይበልጣል። እንደዚሁም ፓርዶ ከሁሉ ከፍ ያለውን ጫፍ ሳይሆን በዙሪያው ያሉ ቁጥሮች ሁሉ የሚያተርፉበትን ሜዳ ፈልጉ ማለቱ ደግ ምክር ነው። ሂሴ የሚያነጣጥረው አንባቢው እነዚህን ሁለት ነገሮች፥ ማለት የቅልጥፍናውን ቁጥርና የሜዳውን ስፋት፥ እንደ ምስክር ወረቀት በመቀበሉ ላይ ነው።

ነገሩ የመጽሐፍ ቤት ክርክር አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ብሮክ፥ ላኮኒሾክና ለባሮን የተባሉ ሦስት ምሁራን ከ1897 እስከ 1986 ባለው የዳው ጆንስ ዋጋ ላይ 26 ቀላል ደንቦችን ፈትነው ብዙዎቹ የሚገርም ኀይል እንዳላቸው ጻፉ። በ1999 ሰሊቫን፥ ቲመርማንና ዋይት ነገሩን እንደገና አነሡት። ደንቦቹን ወደ ስምንት ሺሕ አስጠግተው፥ ከብዙ ውስጥ መምረጥ ራሱ የሚያመጣውን የውሸት ትርፍ በሒሳብ ቀነሱለት። እስከ 1986 ባለው ዘመን ከሁሉ የበለጠው ደንብ ይህን ቅናሽ ተሸክሞ እንኳ ጸና። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥር ዓመታት ማለት ከ1987 እስከ 1996 ግን ያው ደንብ ብልጫ ለማሳየቱ ማስረጃ አልተገኘም። ዘጠና ዓመት የጸና ነገር በተከታዩ ዐሥር ዓመት ካልጸና፥ በሁለት ዓመት መስኮት የተመረጠ ነገር እንዴት ሊታመን ነው?

አሁን ወደ ቅልጥፍናው ቁጥር ልምጣ። ፓርዶ በተፈተነው ዘመን የተገኘውን ዓመታዊ ትርፍ በመምረጫው ዘመን ለተገኘው ዓመታዊ ትርፍ ያካፍለዋል፤ ውጤቱ ከ50 ወይም ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ሥራው ጠንካራ ነው ይላል። የጓደኛችን ቁጥር 54 በመቶ ነበር። (ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቼአቸዋለሁ።)

ምንም ችሎታ የሌለው አመልካች ይህን ቁጥር በዕድል ሊያገኝ ይችላል ወይ ብለን እንጠይቅ። መለኪያችን የሻርፕ ሬሾ ይሁን፤ ይኸውም የዓመቱን አማካይ ትርፍ ለትርፉ መዋዠቅ፥ ማለት ለመደበኛ ልይይቱ፥ ማካፈል ነው። ችሎታ የሌለው ደንብ እውነተኛ ሻርፕ ዜሮ ነው። በጥቂት ዓመታት የምንለካው ሻርፕ ግን ከዜሮ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ የውዝዋዜው መጠን በግምት አንድን ለዓመቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት በማካፈል ይገኛል። ስለዚህ በሁለት ዓመት የመምረጫ መስኮት 0.71፥ በአራት ዓመቱ የፈተና ዘመን 0.5 ይሆናል።

መቶዎቹ ጥንዶች እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ስለ ሆኑ መቶ ነጻ ሙከራዎች አይባሉም፤ እንደ 20 እንቁጠራቸው። ከ20 ዕድሎች ከሁሉ የበለጠው በአማካይ ከመካከሉ 1.87 እጥፍ የውዝዋዜ መጠን ይርቃል። 1.87 በ0.71 ሲባዛ 1.3 ገደማ ነው። ባዶው አመልካች እንግዲህ በመምረጫው ዘመን 1.3 የሚያህል ሻርፕ ያሳያል ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ሰው የሚጎመጀው ቁጥር ነው። የፓርዶን 50 በመቶ ለማለፍ በፈተናው ዘመን 0.66 ብቻ ይበቃዋል። 0.66 ደግሞ ከዜሮ የሚርቀው በ1.3 የውዝዋዜ መጠን ስለ ሆነ፥ በዕድል ብቻ የመድረሱ ነገር መቶ ጊዜ ቢሞከር 9 ጊዜ ያህል ነው። በሌላ አነጋገር ባዶ አመልካች ይዘው ከሚመጡ ዐሥራ አንድ ሠሪዎች አንዱ «ጠንካራ» የሚለውን ማዕርግ ይዞ ይሄዳል።

ዐሥራ አንድ አንድ ብዙም አያስፈራ ይሆናል። የሚያስፈራው ቀጥሎ የነገረን ነው። ለምን ሁለት ዓመትና ስድስት ወር መረጥህ ብለን ስንጠይቀው፥ አንድ ዓመት በሦስት ወር፥ ሦስት ዓመት በአንድ ዓመት፥ እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዐይነት አቀማመጥ ሞክሮ ይህ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ እንዳገኘው ያለ ምንም እፍረት አስረዳን። ስድስቱ ሙከራዎች ነጻ ቢሆኑ ኖሮ፥ ከስድስቱ አንዱ እንኳ በዕድል የሚያልፍበት መጠን 44 በመቶ ይደርስ ነበር። የሚደራረቡ ስለ ሆኑ ከዚህ ያነሰ ይሆናል፤ ከ9 ግን በእጅጉ ይበልጣል። እንግዲህ ዎክ ፎርዋርዱ ራሱ ልክ ተለክቶ ተሰፋ ማለት ነው። ያላየው የተባለው ዘመን ስድስት ጊዜ ታይቶአል፤ ያላየው ኮምፒዩተሩ እንጂ ሰውየው አይደለም። ፓርዶ ስለ መስኮት አቀማመጥ ብዙ ይመክራል፤ መስኮቱን መምረጥም እንደ ፍለጋ መቆጠር እንዳለበት የመጽሐፉ አንባቢ ግን ሲዘነጋው አይቻለሁ። ቤይሊ፥ ቦርዌይን፥ ሎፔዝ ደ ፕራዶና ዡ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የአምስት ዓመት መረጃ ያለው ሰው ከ45 በላይ ነጻ ሙከራ ካደረገ ሻርፑ 1 የሆነ ባዶ ነገር እንደሚያገኝ በሒሳብ አሳይተዋል።

በቅልጥፍናው ላይ ሌላም እንከን አለ። ዳው ጆንስ በ2015 መጨረሻ 17,400 ገደማ ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ከ36,300 አልፎአል። እንዲህ ባለ ዘመን ገዝቶ የሚቆይ ማንኛውም ደንብ በመምረጫውም በፈተናውም ያተርፋል፥ ሬሾውም ያምራል። ያተረፈው ግን ገበያው ነው። ስለዚህ ከላይ ያደረግሁት ሒሳብ እንኳ ለጓደኛችን ያደላ ነው፤ የባዶው አመልካች መነሻ በዚህ ዘመን ዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በላይ ነበርና።

ሁለተኛው ነገር የፓራሜትር ጎረቤቶች ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የተለመደው ትምህርት ይህ ነው፦ የተመረጠው ቁጥር 50 ከሆነ 48ንና 52ን ሞክር፤ እነርሱም የሚያተርፉ ከሆነ በሜዳ ላይ ቆመሃል፥ ትርፉ ከጠፋ ግን በመርፌ ጫፍ ላይ ነህ። የመርፌው ጫፍ መጥፎ መሆኑ እውነት ነው። ሜዳው ጥሩ ምስክር ነው የሚለው ግን ከዚህ አይከተልም። የ52 ቀን አማካይ ከ50 ቀኑ ጋር ሃምሳ ቀኖችን ይጋራል፤ የሚለዩት በሁለት አሮጌ ቀኖች ብቻ ነው። ሁለቱ ደንቦች አብዛኛውን ቀን ያንኑ ይገዛሉ፥ ያንኑ ይሸጣሉ። ሁለቱም ማትረፋቸው የሁለት ሰው ምስክርነት አይደለም፤ አንዱ ሰው በሁለት ስም የመሰከረው ነው። ፍጹም በዕጣ የተሠራ የዋጋ መስመር ላይ እንኳ ይህንኑ ብናደርግ ለስላሳ ኮረብታዎችን እናገኛለን።

የጓደኛችን ሠንጠረዥ ይህን ስሕተት የሚያባብስ አንድ ነገር ነበረበት። የረጅሙን አማካይ ቁጥር በእኩል እርምጃ፥ ዐሥር ዐሥር ቀን እየጨመረ ደርድሮት ነበር። ከ20 ወደ 30 መሄድ የአንድ ግማሽ ጭማሪ ነው፤ ከ200 ወደ 210 መሄድ ግን ከመቶ አምስት ብቻ ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ታችኛው ወገን ቁጥሮቹ ይዘላሉ፥ በላይኛው ወገን ይጎትታሉ፤ ዐይን ደግሞ የሚጎተተውን ሲያይ «ሜዳ» ይለዋል። ረጅሞቹ አማካዮች ጠንካራ የመሰሉት በአደራደሩ ምክንያት ነበር። እርምጃው በእጥፍ ልክ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ እያንዳንዱን በ1.4 ገደማ እያባዙ 5፥ 7፥ 10፥ 14፥ 20፥ 28፥ 40፥ 57፥ 80፥ 113፥ 160 ብሎ መደርደር ይቻላል። በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ከ40 እስከ 113 ያሉት አራቱም ካተረፉ አንድ ነገር ተባለ ማለት ነው፤ ምክንያቱም 40ና 113 በእውነት የተለያዩ ደንቦች ናቸው። ጓደኛችን ሠንጠረዡን እንዲህ አድርጎ ሲሠራው ያ ሰፊ ሜዳ የአንድ ሣጥን ያህል ሆነ።

ስሜታዊነትን መመርመር ሲባልም የቀን ቁጥርን ብቻ መነካካት አይደለም። ትእዛዙን በአንድ ቀን ማዘግየት ይቻላል። የመቶ ቀን አማካይ የሚከተል ደንብ አንድ ቀን ቢዘገይ ትርፉ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል እንጂ ሊጠፋ አይገባም፤ ከጠፋ ትርፉ ከረጅሙ ጉዞ ሳይሆን ከአንድ ሁለት ዕድለኛ ቀኖች የመጣ ነው። ከሁሉ ያተረፉትን አምስት ግብይቶች አውጥቶ የቀረውን ማየትም እንዲሁ ነው፤ ይህን ግን በጥንቃቄ መፍረድ ያስፈልጋል፥ አዝማሚያ የሚከተሉ ደንቦች በጠባያቸው ከጥቂት ትልልቅ ግብይቶች የሚኖሩ ናቸውና።

ይህን ሁሉ ስንፈትሽ በአጋጣሚ ያገኘነው ነገር ግን ከሁሉ የከፋ ሆነ። «ገበያው ከልክ በላይ ሲናወጥ ውጣ» የሚለው ክፍል ልኩን የሚወስደው ከየት ነው? የዕለቱን ንውጥውጥታ ከአማካዩ ቀንሶ በመደበኛ ልይይቱ ያካፍላል። አማካዩንና ልይይቱን ያወጣው ከስድስቱ ዓመት መረጃ በሙሉ፥ ፋይሉን በከፈተበት በመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 2020 ዳው ጆንስ ባንድ ቀን ወደ 13 በመቶ ወድቆአል። እንግዲህ የ2018ቱ የፈተና መስኮት ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚመጣውን የኮሮና ድንጋጤ በልኩ ውስጥ ቀምሶ ነበር ማለት ነው። መስኮቱ የቱንም ያህል በሥርዓት ቢራመድ፥ አመልካቹ ራሱ መጪውን ካየ ፈተናው ፈተና አይደለም። የቅልጥፍና ቁጥርም ሆነ የጎረቤት ሠንጠረዥ ይህን አያሳዩም፤ ኮዱን መስመር በመስመር ማንበብ ብቻ ነው የሚያሳየው። የማጣሪያው ቀላል መንገድ መረጃውን ከአንድ ቀን ላይ ቆርጦ አመልካቹን ማስላት፥ ከዚያም ከሙሉው መረጃ ከተሰላው ጋር ለዚያው ቀን ማስተያየት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ መጪው ዘመን ሾልኮ ገብቶአል።

ታዲያ ለጓደኛችን ምን እንበለው? እኔ ከቅልጥፍናው ቁጥር ይልቅ የምመርጠው ፈተና ይህ ነው። የየዕለቱን የዋጋ ለውጥ በሎጋሪትም አስልቶ የቀኖቹን ተራ እንደ ካርታ መበወዝ፥ ከተበወዘውም አዲስ የዋጋ መስመር መሥራት። አዲሱ መስመር መነሻውና መድረሻው ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ገበያው ከ17,400 ወደ 36,300 መውጣቱ አይጠፋም፥ ገዝቶ በመቆየት ብቻ የሚገኘው ትርፍም ለባዶው ይታሰብለታል። የጠፋው አመልካቹ አየሁት የሚለው የቀኖቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በዚህ መስመር ላይ ሥራውን ሁሉ ከመጀመሪያ መድገም ይገባል፤ መቶውን ጥንድ፥ ስምንቱን እርምጃ፥ ስድስቱን የመስኮት አቀማመጥ፥ የመጨረሻውንም ምርጫ። ይህን 999 ጊዜ ማድረግ ለዛሬ ኮምፒዩተር ከባድ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛውን ውጤት ያህል ወይም የበለጠ ያገኙት 50 ብቻ ከሆኑ፥ እውነተኛው ራሱ ተጨምሮ 51 ከ1,000 ማለት ነው፤ 200 ከሆኑ አመልካቹ ከዕጣ አልተለየም። የኮረብታውም ስፋት በዚሁ ይመዘናል፤ እውነተኛው ሜዳ በተበወዘው ላይ ከሚገኙት ሜዳዎች ሰፍቶአል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህም ፈተና ወሰን አለው። መበወዙ የገበያውን የመናወጥ ወራትና የጸጥታ ወራት አብሮ ያፈርሳል፤ ስለዚህ ንውጥውጥታን የሚያጣራው ክፍል ትርፉን ያገኘው ከዚያ ከሆነ ፈተናው «ቅደም ተከተሉ ጠቅሞታል» ይላል እንጂ የትኛው ቅደም ተከተል እንደ ሆነ አይነግርም። ደግሞም በስድስት ዓመት ውስጥ የእውነት የነበረ ነገር በሰባተኛው ሊጠፋ ይችላል፤ ከ1987 በኋላ የሆነው ይህ ሊሆን ይችላል፥ ያንን ያለፈ መረጃ ሊመልሰው አይችልም። ይህን የሚመልሰው ከ2021 በኋላ ያለውና ጓደኛችን ገና ያልነካው መረጃ ብቻ ነው፤ እርሱንም አንድ ጊዜ ሲከፍተው ያልቃል። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያ ብወዛውን ጨርስ፥ ያን መረጃ ከዚያ በኋላ ክፈት አልነው።

ጓደኛችን የሾለከውን ልክ አስተካክሎ፥ በየመስኮቱ ያለፈውን ብቻ እንዲያይ አድርጎ ፈተናውን ሲደግመው ቅልጥፍናው ከግማሽ በታች ወረደ። ብወዛውን ገና እያስኬደው ነው፤ ገንዘቡም በባንክ ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ የሞከረውን ሁሉ ቁጥር ጽፎአል፤ መቶ ጥንድ በስድስት አቀማመጥ፥ 600።